ከሪያድ የተላከ 1,000 ሪያል ቡራዩ ሲደርስ ስንት ብር ይሆናል?

ውጭ አገር ካለ ዘመድ ብር ሲመጣ ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «በየትኛው ነው የላክሽው?» ጎረቤት በባንክ ይሻላል ይላል። ሌላው አፕ የሚባል ነገር መጥቶ የለ እንዴ ይላል። ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ የማውቀው ልጅ አለ፣ ከባንክ አስበልጦ ይሰጣል» ይላል። ሁሉም የየራሱን አይቷልና አልተሳሳቱም። የሚያወዳድሩት ግን የተለያየ ነገር ነው። አንዱ ክፍያውን፣ ሌላው ፍጥነቱን፣ ሦስተኛው ምንዛሪውን ነው የሚያየው።

እዚህ አንድ ጉዳይ ይዘን እንሄዳለን። ልጅቱ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። እናቷ ቡራዩ፣ አሸዋ ሜዳ አካባቢ ይኖራሉ። ከልጅቱ እጅ የሚወጣው 1,000 ሪያል ነው። ለስሌት እንዲቀለን አንድ ዶላር 150 ብር ነው እንበል። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ስለሆነ አንድ ሪያል 40 ብር ይሆናል ማለት ነው። ምንም ባይቆረጥ እናትየው 40,000 ብር ይደርሳቸው ነበር። የዛሬው ምንዛሪ ከዚህ ሊለይ ይችላል፣ አሠራሩ ግን ያው ነው።

«ክፍያ የለውም» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

ብር ላኪ ድርጅት ገንዘብ የሚያገኘው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በግልጽ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ነው። ሁለተኛው በምንዛሪው ውስጥ የተደበቀው ነው። ድርጅቱ ሪያሉን በ40 ብር ሒሳብ እየመነዘረ ለእናትየው በ38 ቢሰጥ፣ በእያንዳንዱ ሪያል 2 ብር አስቀርቷል። ደረሰኙ ላይ ግን «ክፍያ፦ 0» ተብሎ ይጻፋል። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ታሪፉን በትክክል ነግሮህ ሲያበቃ «መልስ የለኝም» ብሎ ዝርዝሩን እንደሚያስቀረው ነው። ታሪፉ አልጨመረም፣ ከኪስህ የወጣው ግን ጨምሯል።

አሁን ሁለት መንገድ እናወዳድር። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የወሰድናቸው ናቸው፣ ሳዑዲ ውስጥ ከሚታየው ግን ብዙም አይርቁም።

የመጀመሪያው ድርጅት 20 ሪያል ያስከፍላል። ሳዑዲ ውስጥ በአገልግሎት ክፍያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለ 3 ሪያል ይጨመርበታል። ስለዚህ 23 ሪያል ይቆረጥና 977 ሪያል ይላካል። ምንዛሪው 39.60 ነው። እናትየው እጅ የሚገባው 38,689 ብር ነው።

ሁለተኛው ድርጅት ምንም አያስከፍልም። ምንዛሪው ግን 38.20 ነው። እናትየው እጅ የሚገባው 38,200 ብር ነው።

«ነፃ» የተባለው በ489 ብር ይወደዳል። በመቶኛ ብናየው የመጀመሪያው 3.3 በመቶ ገደማ ሲወስድ ሁለተኛው 4.5 በመቶ ወስዷል። የዓለም ባንክ የብር መላኪያ ዋጋን ሲለካ የሚጠቀመውም ይህንኑ ስሌት ነው፤ ክፍያውን እና የምንዛሪ ልዩነቱን ደምሮ። በዚያ መለኪያ 200 ዶላር ለመላክ በዓለም ላይ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይወስዳል። ከሰሃራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች ሲላክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ወደ 3 በመቶ ይውረድ ብሎ ግብ አስቀምጧል።

እንግዲህ ሲወዳደር የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ «ከእጄ ይህን ያህል ሪያል ቢወጣ፣ እዚያ ስንት ብር ይደርሳል?» የላኪው አፕ ወይም መስኮቱ ላይ ያለው ሠራተኛ ይህንን ከመክፈልህ በፊት መናገር አለበት። ካልነገረህ ማወዳደር አትችልም።

ታዲያ ሁሌም የሚያስከፍለው ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም። በመጠኑ ይወሰናል። ያቺው ልጅ በዚህ ወር 300 ሪያል ብቻ ነው ያላት እንበል። የመጀመሪያው ድርጅት ያንኑ 23 ሪያል ይቆርጣል። 277 ሪያል በ39.60 ሲመታ 10,969 ብር ነው። ሁለተኛው ጋ 300 ሪያል በ38.20 ሲመታ 11,460 ብር ነው። አሁን «ነፃው» በ491 ብር በለጠ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። 23 ሪያል ለ1,000 ሪያልም ለ300 ሪያልም ያው 23 ነው። በምንዛሪ የሚወሰደው ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ ያድጋል። በዚህ ምሳሌ ሁለቱ እኩል የሚሆኑት 650 ሪያል አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ በታች ክፍያ የሌለው፣ ከዚያ በላይ ምንዛሪው የተሻለው ያዋጣል። ስለዚህ በየሳምንቱ 200 ሪያል የምትልክና በሁለት ወር አንዴ 2,000 የምትልክ ሁለት ጓደኛሞች አንድ ክፍል እያደሩ የተለያየ ድርጅት ቢመርጡ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አፖች ለአዲስ ደንበኛ የመጀመሪያውን ጊዜ በጣም ጥሩ ምንዛሪ ይሰጣሉ። በሁለተኛው ጊዜ ወደ ተራው ምንዛሪ ይመለሳል። በመጀመሪያው ተደስቶ ከዚያ በኋላ ሳያይ የሚልክ ብዙ ነው።

የትኛውን ምንዛሪ ነው ማየት ያለብኝ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል። የባንክ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቁጥር አለ፤ መግዣ እና መሸጫ። ከውጭ የመጣን ገንዘብ ባንኩ ከአንተ እየገዛ ስለሆነ የሚሠራው መግዣው ነው፣ ማለትም ትንሹ ቁጥር። ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ዶላር ይህን ያህል ገባ» ተብሎ የሚዞረው ብዙ ጊዜ መሸጫው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ ያወጣል። ከዚያ በፊት ከባንክ ባንክ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አሁን ግን በአንድ ቀን ውስጥ በሁለት ባንክ መካከል በአንድ ዶላር የብሮች ልዩነት ሊኖር ይችላል። ብሩ እናትየው የትኛው ባንክ ሒሳብ ውስጥ እንደሚገባ መምረጥ ትርጉም ያገኘው ለዚህ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንዱ ድርጅት ሪያሉን በቀጥታ ወደ ብር አይቀይርም። መጀመሪያ ወደ ዶላር፣ ቀጥሎ ዶላሩን ወደ ብር ይቀይራል። ሁለት ጊዜ ሲቀየር ሁለት ጊዜ ይሸረፋል። ይህ ደረሰኝ ላይ ላይታይ ይችላል። መጨረሻ ላይ በሚደርሰው ብር ግን አይደበቅም።

መንገዶቹ የትኞቹ ናቸው?

በስም ብዙ ቢመስሉም በዓይነት ጥቂት ናቸው።

በጣም የታወቀው ላኪዋ ከፍላ ሚስጥር ቁጥር የምትቀበልበት፣ እናትየው ደግሞ ቁጥሩንና መታወቂያቸውን ይዘው ባንክ ሄደው ጥሬ ብር የሚወስዱበት ነው። ዌስተርን ዩኒየን፣ መኒግራም፣ ሪያ፣ ዳሃብሺል በዚህ ይታወቃሉ። የዌስተርን ዩኒየን ቁጥር 10 አሃዝ፣ የመኒግራም 8 አሃዝ ነው። እዚህ አገር የሚከፍሉት ባንኮች ናቸው። ጥቅሙ እናትየው የባንክ ሒሳብ ባይኖራቸውም መሥራቱ ነው። ጉዳቱ መሄድና መሰለፍ መኖሩ ነው። ቅርንጫፉ ደጃፍ ካልሆነ የታክሲውን ሒሳብ መላኪያው ላይ ደምረው። ሰፈር ያለው ቅርንጫፍ «ሲስተም የለም» ካለና እናትየው እስከ አስኮ መውረድ ካለባቸው ግማሽ ቀን ሄደ ማለት ነው።

ሁለተኛው በቀጥታ ወደ ባንክ ሒሳብ የሚገባው ነው። ሳዑዲ ውስጥ እንደ ኢንጃዝ ባሉ የሐዋላ ቤቶች ወይም በስልክ ዋሌቶች፣ አውሮፓና አሜሪካ ደግሞ እንደ ሬሚትሊ፣ ወርልድሬሚት፣ ታፕታፕ ሴንድ ባሉ አፖች ይላካል። እናትየው የትም አይሄዱም፣ ስልካቸው ላይ መልእክት ይገባል። ብሩን የሚያወጡት በፈለጉ ቀን፣ በፈለጉት መጠን ነው። ብዙ ጊዜ ምንዛሪውም ከጥሬ ብሩ ትንሽ ይሻላል።

ሦስተኛው ወደ ቴሌብር ዓይነት የስልክ ገንዘብ የሚገባው ነው። የባንክ ቅርንጫፍ ለራቀበት ሰፈር ይህ ምቹ ነው። ሱቅ ውስጥ ዘይትና ዱቄት ገዝቶ በቴሌብር መክፈል፣ የመብራት መክፈል ይቻላል። ግን ሁለት ነገር አስቀድሞ ይታሰብ። ዋሌቱ መያዝ የሚችለው ገንዘብ ጣሪያ አለው፣ ጣሪያውም በምዝገባው ደረጃ ይለያያል። ጥሬ ብር ሲፈለግ ደግሞ ወኪሉ ጋ መሄድና የማውጫ ክፍያ መክፈል አለ። ዳር ሰፈር ያለ ወኪል ከሰዓት በኋላ «እጄ ላይ ይህን ያህል የለኝም» ማለቱ የተለመደ ነው። 38,000 ብር ከአንድ ኪዮስክ በአንዴ አይወጣም።

አራተኛው ከባንክ ወደ ባንክ በስዊፍት የሚላከው ነው። ስዊፍት ባንኮች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡበት መረብ ነው። ዶላሩ አብዛኛውን ጊዜ ኒውዮርክ ባለ መካከለኛ ባንክ በኩል ያልፋል፣ እሱም የድርሻውን ይቆርጣል። ላኪው ባንክ 60 ሪያል፣ መካከለኛው 20 ዶላር ወሰደ እንበል። 20 ዶላር 75 ሪያል ነው። ከ1,000 ሪያል 135 ተቆርጦ ቀሪው በ39.80 ሲመነዘር 34,427 ብር ብቻ ይደርሳል። ለወር ወጪ ይህ አያዋጣም። ለቤት ወይም ለመሬት 30,000 ሪያል የሚልክ ሰው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ያው 135 ሪያል ተቆርጦ 1,188,627 ብር ይደርሰዋል። «ነፃ» የተባለው ድርጅት በ38.20 ቢልክለት ኖሮ 42,600 ብር ገደማ ያንስ ነበር። ስዊፍት ሲላክ ቅጹ ላይ OUR፣ SHA ወይም BEN የሚል ምርጫ አለ። OUR ከሆነ ክፍያውን ሁሉ ላኪ ይሸከማል። SHA ከሆነ ይጋሩታል። BEN ከሆነ ሁሉም ከተቀባዩ ይቆረጣል። ሳይጠየቅ የሚታለፈው SHA ነው፣ «የላኩትና የደረሰው አልገጠመም» የሚለው ጭቅጭቅም የሚመጣው ከዚያ ነው።

በሰው እጅ መላክም አለ፤ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ጓደኛ ኪስ ውስጥ። ክፍያ የለውም። ገንዘቡ ቢጠፋ ግን ደረሰኝ የለም፣ ጓደኝነቱም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ጥሬ ዶላር ይዞ የሚገባ ሰው ቦሌ ላይ ለጉምሩክ ማስመዝገብ አለበት።

«በደቂቃ ይደርሳል» እውነት ነው?

ብዙ ጊዜ አዎ። ጥሬ ብር የሚወሰድበት፣ ቴሌብር እና አብዛኛው የአፕ መላኪያ በደቂቃዎች ይደርሳል። ስዊፍት ከአንድ እስከ አምስት የሥራ ቀን ይወስዳል። ግን «የሥራ ቀን» የሚለው ላይ ቆም እንበል።

ሳዑዲ የሚያርፈው ዓርብና ቅዳሜ ነው። ኒውዮርክ ያለው መካከለኛ ባንክ ቅዳሜና እሁድ ያርፋል። የእኛ ባንኮች ቅዳሜ ይሠራሉ፣ እሁድ ግን አብዛኞቹ ዝግ ናቸው። ልጅቱ ሐሙስ ማታ በስዊፍት ብትልክ ሦስቱም አገር የሚሠራበት የመጀመሪያ ቀን ሰኞ ነው። እናትየው ዓርብና ቅዳሜ ስልካቸውን እያዩ መጨነቃቸው ትርፉ ድካም ነው። ዓውደ ዓመት ከተደረበበት ደግሞ ሌላ አንድ ሁለት ቀን ይጨመራል።

አፕም ቢሆን የሚዘገይባቸው ሁኔታዎች አሉ። መጀመሪያ ስትመዘገብ ማንነትህን ለማጣራት ሰዓታት ወይም ቀን ሊወስድ ይችላል። ከወትሮው በጣም የበዛ ገንዘብ ከላክህ «ከየት አመጣኸው?» ብሎ ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ለሆስፒታል በአስቸኳይ የሚላክ ብር የመጀመሪያው ሙከራ መሆን የሌለበት ለዚህ ነው። ቀደም ብሎ በትንሽ ገንዘብ ተሞክሮ ቢያልፍ ይመረጣል። አንዳንድ አፕ ደግሞ ፈጣን እና ዘገምተኛ የሚል ምርጫ አለው። ዘገምተኛው ከባንክ ሒሳብ ስለሚቀነስ ቀናት ይወስዳል፣ ምንዛሪው ግን የተሻለ ነው። በክሬዲት ካርድ የሚከፍል ሰውም ይጠንቀቅ፤ ካርዱን የሰጠው ባንክ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ቆጥሮ ሌላ ክፍያ ሊጨምርበት ይችላል።

ስም ለምን ያስቸግራል?

በእኔ ግምት ገንዘብ መስኮት ላይ ደርሶ የሚቀርበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ላኪዋ ስሙን የምትጽፈው በላቲን ፊደል ነው። እናትየው መታወቂያቸው ላይ ያለው ደግሞ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ የሚለው ስም Tsehay፣ Tsehai ወይም Tsehaye ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የመጨረሻው ደግሞ ፀሐዬ የሚባል ወንድ ይመስላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ሸገር ከተማ ውስጥ ሌላ ነገር ይጨመራል። የኦሮሚያ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ስም በቁቤ ይጻፋል። ጫልቱ የምትባል ሴት መታወቂያዋ ላይ Caaltuu ተብላ ትገኛለች። ሪያድ ያለችው ልጇ ግን ፓስፖርት እንደለመደችው Chaltu ብላ ትልካለች። ለሰፈሩ ሰው አንድ ስም ነው። ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ሲስተም ግን ፊደል በፊደል ነው የሚያየው። ገንዘብ ከፋዩ ሊረዳ ይችላል፣ ላይረዳም ይችላል።

ሌላው የስም ብዛት ነው። እኛ በሁለት ስም እንጠራራለን፣ ባንክ ግን እስከ አያት ይፈልጋል። የውጭ አፕ ደግሞ «የቤተሰብ ስም» ሲል የአባትን ይጻፍ የአያትን ግራ ያጋባል። መፍትሔው ቀላል ነው። እናትየው የሚያሳዩትን መታወቂያ ወይም የባንክ ደብተራቸውን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ አንስተው ይላኩላት፣ እሷም እያየች ትገልብጠው። የፋይዳ መታወቂያ ካላቸው ስማቸው በእንግሊዝኛም ስለተጻፈበት ከዚያ መገልበጥ ይሻላል።

ተሳስቶ ቢላክስ? ጥሬ ብር የሚወሰድበት ከሆነና ገና ካልተወሰደ፣ ላኪዋ ደረሰኟንና መታወቂያዋን ይዛ የጥቂት ፊደል ስህተት ማስታረም ትችላለች። ሰው መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ተሰርዞ እንደገና ይላካል። ወደ ባንክ ሒሳብ ሲሆን የሒሳብ ቁጥሩ ከስሙ ይብሳል። ቁጥሩ የሌላ ሰው ሆኖ ገንዘቡ ከገባ ማስመለሱ በዚያ ሰው ፈቃድ ወይም በሕግ ነው።

በጥቁር ገበያ የሚልኩትስ?

ይህን ሳያነሱ ስለ ብር መላክ መጻፍ እንደማስመሰል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልጅቱ ሪያሉን ሪያድ ላለ ደላላ ትሰጣለች። ደላላው አዲስ አበባ ላለ አጋሩ ይደውላል። አጋሩ ለእናትየው ብር ይሰጣል ወይም ሒሳባቸው ውስጥ ያስገባል። ሪያሉ ኢትዮጵያ አይገባም። እዚያው ይቀርና ዕቃ ለሚያስመጣ ነጋዴ ወይም ገንዘብ ማሸሽ ለሚፈልግ ሰው ይሸጣል። ያ ሰው ባንክ ጋ ወረፋ ላለመጠበቅ ወይም ላለመጠየቅ ሲል ለሪያሉ አብልጦ ይከፍላል። የደላላው «ጥሩ ምንዛሪ» የሚመጣው ከዚያ ነው።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ምንዛሪው ከመለቀቁ በፊት በባንክ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲሆን ጥቁር ገበያው ከ100 በላይ ነበር። ያኔ በባንክ የሚልክ ሰው ግማሹን እንደጣለ ይሰማው ነበር፣ አይፈረድበትም። ከዚያ ወዲህ ክፍተቱ በጣም ጠቧል፣ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። በእኛ ምሳሌ ደላላው ሪያሉን በ44 ቢይዘው እናትየው 44,000 ብር ይደርሳቸዋል። ከመጀመሪያው ድርጅት በ5,311 ብር ይበልጣል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ ሰው የሚሄድበትም በሞኝነት አይደለም።

በሌላ በኩል ያለው ይኸውና። መጀመሪያ ነገር ከሕግ ውጪ ነው፣ እዚህም ሳዑዲም። ደረሰኝ የለም። ደላላው ስልኩን ከዘጋ የሚከሰስ ድርጅት የለም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። እናትየው ሒሳብ ውስጥ ብሩን የሚያስገባው የማያውቁት ሰው ነው። ያ ገንዘብ ከማጭበርበር የመጣ ከሆነ ወይም አስገቢው በምርመራ ላይ ካለ፣ ከእሱ የተቀበሉ ሒሳቦችም ሊታገዱ ይችላሉ። ባንኩ «ይህ ሰው ምንዎ ነው?» ሲላቸው የሚመልሱት የላቸውም። የታገደው ሒሳብ ውስጥ የልጅቱ የዓመት ቁጠባ ካለ ያም አብሮ ይቆማል።

ምርጫ የሌላቸው ሰዎች መኖራቸውም መታወቅ አለበት። ሳዑዲ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ለመላክ ኢቃማ፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ኢቃማዋ ያለቀባት ወይም ከአሠሪዋ ቤት የወጣች ልጅ መስኮት ጋ ብትቀርብም አይላክላትም። አንዳንዷ በጓደኛዋ ኢቃማ ትልካለች። ያኔ ደረሰኙ ላይ ያለው ላኪ ጓደኛዋ ናት። ገንዘቡ ቢጠፋ የመጠየቅ መብቱም የጓደኛዋ ነው።

ደህንነቱን እንዴት አውቃለሁ?

መጀመሪያ ፈቃድ ነው። ለላኪው ድርጅት ፈቃድ የሚሰጠው ያለበት አገር ነው። እዚህ ያለው ከፋይ ደግሞ በብሔራዊ ባንክ የሚታወቅ መሆን አለበት። የአንድ ድርጅት ስም አዲስ ከሆነብህ አገር ውስጥ የሚከፍልለትን ባንክ ጠይቅ። ባንኩ «አብረን አንሠራም» ካለ መልሱን አገኘህ።

ከዚያ በኋላ ያለው አደጋ ብዙውን ጊዜ ድርጅቱ ጋ አይደለም፣ ስልኩ ጋ ነው። «እማዬ፣ ቁጥሩን ለማንም እንዳትሰጪ» የምትል ልጅ ነገሩ ገብቷታል። ሚስጥር ቁጥሩ የተቀባይ ስምና የተጭበረበረ መታወቂያ ሲደመርበት ገንዘብ ነው። ቁጥሩን በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ መለጠፍ፣ የደረሰኙን ስክሪንሾት ለአጎት ልጅ ማስተላለፍ ያው በር ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።

ሌላው የሐሰት መልእክት ነው። አንድ ሰው ይደውልና «ብር በስህተት ወደ እርስዎ ልኬ ነበር፣ መልሱልኝ» ይላል። ስልኩ ላይ በእርግጥ «ገቢ ሆኗል» የሚል መልእክት አለ። መልእክቱን የላከው ግን ባንኩ አይደለም፣ ራሱ ደዋዩ ነው። ስለዚህ የሚታመነው መልእክቱ ሳይሆን ቀሪ ሒሳቡ ነው። ለቴሌብር `*127#` ደውሎ ወይም አፑን ከፍቶ ማየት ነው። ቀሪው ካልጨመረ የገባ ነገር የለም። ሒሳቡን ለማስተካከል ነው ብሎ የይለፍ ቃል ወይም በስልክ የገባ ኮድ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ ነው፣ ባንክ ያንን አይጠይቅም።

ተልኳል ተብሎ ካልደረሰስ?

መጀመሪያ እዚህ ያለውን ባንክ መውቀስ የተለመደ ነው። የሚጀመረው ግን ከላኪው ነው፣ ምክንያቱም ውሉ የተፈጸመው በእሷና በድርጅቱ መካከል ነው። አፑ ላይ «ተከፍሏል»፣ «በሂደት ላይ» ወይም «ታግዷል» የሚል ሁኔታ ይታያል። «በሂደት ላይ» ከሆነ ብዙ ጊዜ ማጣራት ነው፤ ድርጅቱ የላከላትን ኢሜይል ወይም መልእክት ትይ፣ ሰነድ ጠይቀዋት ይሆናል። «ተከፍሏል» እያለ እናትየው ጋ ከሌለ የክፍያውን መለያ ቁጥርና ቀኑን ይዘው ወደ ባንካቸው ይሂዱ። የእናትየው ባንክ በዚያ ቁጥር ይፈልጋል፣ በስም ቢፈልግ አያገኘውም። በስዊፍት ከሆነ ደግሞ ላኪው ባንክ የመልእክቱን ቅጂ እንዲሰጣት ትጠይቅ። ቅጂው ላይ ገንዘቡ በየትኛው መካከለኛ ባንክ በኩል እንደተላከ ስላለ የቆመበትን ለማወቅ ከዚያ ይጀመራል።

ጥሬ ብር የሚወሰድበት ሆኖ ለረጅም ጊዜ ካልተወሰደ ገንዘቡ ወደ ላኪዋ ሊመለስ ይችላል። ሪያሉ ይመለሳል፣ የአገልግሎት ክፍያው ግን ላይመለስ ይችላል። እናትየው ለክረምቱ ወደ ገጠር የሚሄዱ ከሆነ በዚያ ሰሞን ወደ ባንክ ሒሳባቸው መላክ ይመረጣል።